አንድ ሲባዛ በሁለት

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ «ፋርማሲስት ማለት መደርደሪያ ላይ ያለውን አውርዶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው» ብለው ጽፈው ነበር። አንብቤ በገንኩ። መልስ ልጽፍላቸው ስቀመጥ ግን በፍልሰታ ጾም ያጋጠመኝ ነገር ትዝ አለኝና ንዴቴ በረደ። ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም።

የምሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ደንበኛችን የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። ውጪው ዝናብና ብርድ ነው። እሳቸው ግን ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እማማ፣ ምነው? ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ጾሙ ነው። ቅዳሴ ቆሜ ዓይኔን ጭልም አደረገኝና ወጣሁ። እስቲ ትንሽ ልቀመጥ።»

እጃቸውን ስይዘው ይንቀጠቀጣል። ጣታቸውን ወግቼ ስኳራቸውን ስለካ 54። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል እንላለን። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጬ አመጣሁላቸው።

«ገና እኮ ቅዳሴው አልወጣም» አሉኝ።

«እማማ፣ ይሄ አሁን ለእርስዎ መድኃኒት ነው። ካልጠጡት እዚሁ ይወድቁብኛል።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡና ጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ስለካ 88 ሆኗል። ዳቦ ሰጠኋቸው። ስኳር ውሃ ቶሎ ያነሳል፣ ቶሎም ይከዳል፤ የሚያቆየው ምግብ ነው።

ልባቸው መለስ ሲል ፌስታላቸውን ጠየቅኳቸው። መድኃኒታቸውን ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር ይዘው ነው የሚዞሩት። አምስቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደርኳቸው። የመድኃኒቱን ስም አልጠየቅኩም። እንዴት እንደሚውጡት እንዲያሳዩኝ ነው የጠየቅኳቸው።

«ይቺ ትንሿ የግፊት ናት። ጠዋት አንድ።»

አምሎዲፒን ናት። ልክ ናቸው።

«ይሄም የግፊት ነው አሉ። ለአንድ በሽታ ሁለት መድኃኒት ምን እንደሚሠራ እንጃ። ብቻ አንድ እውጣለሁ።»

ኢናላፕሪል ነው። «አንዱ ብቻውን ስላልቻለው ነው እማማ። አሠራራቸውም ይለያያል» አልኳቸው።

«ይሄ የስብ ነው፤ ማታ ልተኛ ስል።»

አቶርቫስታቲን። እሱም ልክ ነው።

«እነዚህ ደግሞ የስኳር ናቸው። ከዚህ ሁለት፣ ከዚያም ሁለት።»

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ማለትዎ ነው አይደል?»

«ኧረ አይደለም። ሁለት ሁለቱን ጠዋት አንድ ላይ ነው የምውጣቸው። ልጁ ነዋ ያነበበልኝ።»

ልጁ የልጅ ልጃቸው ነው፤ አራተኛ ክፍል። መድኃኒታቸውን ትከታተል የነበረችው ሴት ልጃቸው አረብ አገር ከሄደች ወር ሆኗታል። ሳጥኑን አገላብጬ አየሁት። «1×2» ይላል። እኛ ጋ ይሄ ማለት አንድ ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ልጁ ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደተማረው አነበበው። አንድ ሲባዛ በሁለት፣ ሁለት። ምን ይባላል? ሒሳቡ ልክ ነው።

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ከሁለቱ አንዱ ሜትፎርሚን ነው። ሁለቱን አንዴ መዋጥ ሆድ ሊያስቸግር ይችላል እንጂ ብቻውን ስኳርን እንዲህ አያወርድም። ያስደነገጠኝ ሌላኛው፣ ግሊቤንክላማይድ ነው። ይሄ መድኃኒት ቆሽትን ኢንሱሊን አውጪ እያለ ይገፋፋል። ምግብ ይምጣ አይምጣ ግድ የለውም። እማማ ባለ 5 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ፣ ማለትም 10 ሚሊግራም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በባዶ ሆዳቸው ውጠው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ከጾሙ በፊት ቁርስ ስለሚበሉ ትንሽ ራስ ማዞር ብቻ ነበር። «እርጅና ነው ብዬ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ በባዶ ሆድዎ እንደሚውጡት ምነው ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ባለፈው ወር መድኃኒቱን ስሰጣቸው ከኋላቸው ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ስለ ጾም ቀርቶ፣ ቁርስ ይብሉ አይብሉ አልጠየቅኳቸውም።

«ጾምሽን ተዪ ልትይኝ ነው?» አሉኝ ቀጥለው።

«እሱን እኔ አልልም። ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ ከሳቸው ጋር ይመካከሩበት። እኔ ግን ሐኪም እስኪያይዎት ድረስ ይቺን ፍሬ እንዳይነኳት እላለሁ።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስኳር ውሃ ጠጥተው፣ ዳቦ በልተው ሻል ሲላቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ግሊቤንክላማይድ ግን ሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ በተለይ ዕድሜ የገፋና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ እስከ ማግስቱ ድረስ ሊሠራ ይችላል። ቀን የተነሳው ስኳር ማታ፣ ሰው በተኛበት፣ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ወንድ ልጃቸው ጋ ደወልኩ፤ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና ሆስፒታል ወሰዳቸው። እዚያው አድረው፣ በየሰዓቱ ሲለኩ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ ተመልሶ ወርዶ ግሉኮስ ተሰጥቷቸዋል። ሐኪማቸው ግሊቤንክላማይዱን አስቆማቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም አስፈላጊ ብሎ በሚያወጣው የመድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ይሄ መድኃኒት ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይመች ጽፏል። እዚህ ግን በየፌስታሉ አገኘዋለሁ። ማዘዣውን ሳይ ሐኪሙ ጋ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም።

አሁን ሳጥን ላይ «1×2» አልጽፍም። «ጠዋት ከቁርስ ጋር 1 ፍሬ፣ ማታ ከእራት ጋር 1 ፍሬ» ብዬ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል ፀሐይና ጨረቃ እሥልለታለሁ። የሥራ ባልደረባዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን እሱም ይሥላል፤ ጨረቃው ግን ሙዝ ነው የሚመስለው። በቀለም ለይተው እንዲያውቁት ማድረግማ አያዋጣም። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፋብሪካ የሠራው ይመጣና ነጩ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ «እስቲ ቤት ገብተው እንዴት እንደሚውጡት ያሳዩኝ» እላለሁ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም ሰው አዎ ነው የሚለው። ሰልፉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

አሁን እማማ በቀን አራት ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስዱት። ባለፈው ሳምንት መጥተው ሳጥኖቹን ከሰጠኋቸው በኋላ ባንኮኒው ላይ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና አንዱን መለሱልኝ።

«ልጄ፣ የዚህኛውን ፀሐይ ረስተሽዋል።»

አንዲት ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ