ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ አባሎቻችን፦ የ2025 ታክስ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣

በዲሲ አካባቢ ብዙዎቻችን ሁለቱንም አፕ ከፍተን ነው የምንሠራው። ታክስ ላይ የሚያምታታው ይሄው ነው።

1099-ኬ ፎርም የሚያሳየው ባንክ የገባላችሁን ሳይሆን ተሳፋሪው የከፈለውን ነው። ኡበር 33 ሺህ፣ ሊፍት 22 ሺህ ዶላር ጻፉ እንበል። ድምሩ 55 ሺህ ነው፤ እጃችሁ የገባው ግን 39 ሺህ። ስኬጁል ሲ ላይ 39 ሺህ ብቻ ከሞላችሁ፣ አይአርኤስ ከፎርሞቹ ጋር ሲያስተያየው አይገጥምለትም፤ ደብዳቤ ይመጣል። 55ቱን አስገቡ፤ ኮሚሽንና ክፍያ የተቆረጠውን 16 ሺህ ደግሞ ወጪ አድርጉት።

ቀጥሎ ማይሉ አለ። ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ይቀነሳል። 28 ሺህ ማይል 19,600 ዶላር ነው። የሚቀረው ትርፍ 19,400፣ የግል ሥራ ታክሱም 2,741 ገደማ። የገቢ ታክስ ለብቻው ይታያል።

እባካችሁ የሁለቱን አፕ ማይል አትደምሩ! ሁለቱም ክፍት ሆነው ጥሪ ስትጠብቁ የነዳችሁትን አንዱን መንገድ ሁለቱም ሊቆጥሩት ይችላሉ። ሥራ ስትጀምሩና ስትጨርሱ የመኪናውን ቆጣሪ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንም ጻፉበት።