የሒሳብ ክበብ፦ አንድ ዶላር በሁለት ግራፍ

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ነገር አልነካካም። ጥቅምት ላይ የእንቆቅልሽ ውድድር አዘጋጀን፤ ለ9ኛ ክፍሎችም ማጠናከሪያ ሰጠን። ከኅዳር እስከ ግንቦት ግን ሐሙስ ሐሙስ የያዘን አንድ ግራፍ ነው። ዘገባዬም ስለ እሱ ነው።

ጥያቄውን ያመጣችው አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ናት። አባቷ ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ናቸው። ቤት ውስጥ «ዶላር እንደ አሁኑ ዘሎ አያውቅም» ሲባል «የ1985ቱን ረሳችሁት እንዴ?» ብለው ኖሯል። ታዲያ የትኛው ዝላይ ይበልጣል?

ይፋዊውን የባንክ ምንዛሪ ሰበሰብን፤ ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ዶላር ለሃያ ዓመት ገደማ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። በ1985 መጀመሪያ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 2016 ላይ ዋጋውን ገበያው እንዲወስን ሲደረግ ደግሞ ከ57 ብር ተኩል ተነስቶ፣ በቀጣዩ ታኅሣሥ 125 ብር አካባቢ ደረሰ።

መጀመሪያ በተለመደው ቀጥተኛ ልኬት ሣልነው። 1 ሴንቲ ሜትር 10 ብር ነው። የ1985ቱ ዝላይ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወጣ፤ የእርሳስ ስህተት ይመስላል። የ2016ቱ 7 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ልጆቹ «በቃ፣ ታወቀ» አሉ።

«ስንት ብር ጨመረ ሳይሆን ስንት እጥፍ ሆነ በሉ» አልኳቸው። 5ን ለ2.07 ሲያካፍሉ 2.4 አገኙ። 125ን ለ57.5 ሲያካፍሉ 2.2 ገደማ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ እኩል እጥፍን በእኩል ርቀት የሚያሳየውን ሎጋሪዝማዊ ልኬት በእጃችን ሠራን። ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ታስገቢያለሽ፣ log ትጫኛለሽ፣ የወጣውን በ10 ታባዥና በሴንቲ ሜትር ትለኪያለሽ። 2.07 ከሥር 3.2 ሴንቲ ሜትር ላይ አረፈ፣ 5 ደግሞ 7 ላይ። 57.5 በ17.6፣ 125 በ21። አሁን የ1985ቱ ዝላይ 3.8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የ2016ቱ 3.4። አባትየው ልክ ነበሩ።

አንድ ልጅ ዜሮን ፈልጎ አጣ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ልኬት ዜሮ የለም፤ ከ1 በታች 0.1፣ ከዚያ 0.01 እያለ ይወርዳል እንጂ ዜሮ ላይ አይደርስም። ሁለት ልጆች ደግሞ በጎን ያለው መስመር ላይ በብሩ ፈንታ የሎጋሪዝሙን ቁጥር ጻፉ። እንዲያ ከሆነ አንባቢው ዋጋውን ማወቅ አይችልም። መጻፍ ያለበት 1፣ 10፣ 100 ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ግራፍ ስታዩ ከ1 እስከ 2 ያለውን ርቀት ከ50 እስከ 100 ካለው ጋር ለኩት። እኩል ከሆነ ልኬቱ ሎጋሪዝማዊ ነው።

ለእኔ ትልቁ ግኝት ግን በሁለቱ ዝላዮች መሀል ያለው ነበር። ከ2002 ማብቂያ እስከ 2010 መጀመሪያ ባሉት ሰባት ዓመታት ዶላር ከ16 ብር ከ35 ወደ 23 ብር ከ40 ወጣ። ጥቅምት 2010 ላይ ብር ዋጋው ሲቀነስ 26 ብር ከ90 ገባ። ከዚያ ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ 57 ተኩል ደረሰ። ቀጥተኛው ግራፍ የሁለተኛው ዘመን ፍጥነት ከመጀመሪያው ከአራት እጥፍ በላይ ነው ይላል። ሎጋሪዝማዊው ሁለት እጥፍ ነው ይላል፦ በዓመት 5 ከመቶ ገደማ የነበረው 11 ከመቶ ገደማ ሆነ። ፍጥነቱ መጨመሩ እውነት ነው፤ ግን ቀጥተኛው ግራፍ ዋጋው ራሱ ከፍ ስላለ የመጣውን ጭምር ቆጥሮበታል።

በአንድ ዓመት ውስጥ በጥቂት ሳንቲም የሚንቀሳቀስ ዋጋ ከሆነ ሁለቱ ግራፎች አይለያዩም። ልዩነቱ የሚመጣው ዋጋው ብዙ እጥፍ ሲሆን ነው።

ሚያዝያ ላይ ጥያቄውን ገለበጥነው፦ አንድ ብር ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ይገዛል? በ1985 ከ48 ሳንቲም ወደ 20 ወረደ። በ2016 ከ1.7 ወደ 0.8። በቀጥተኛው ልኬት አሁን ገደል የሆነው 1985 ነው፤ የ2016ቱ ከነጭራሹ አይታይም! ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ ታሪኩ ግን ተገለበጠ። ሎጋሪዝማዊው ግን እንደ መስታወት ምስል ብቻ ዞረ፤ 3.8 እና 3.4 ሴንቲ ሜትር እንዳሉ ናቸው።

አንዲት ልጅ «እናቴ ለመድኃኒት የምትከፍለው እኮ በብር ነው» ብላ ተከራከረች። እውነቷን ነው። የነገው ወጪ ስንት ብር ይጨምራል ለሚል ሰው ቀጥተኛው ይሻለዋል። ሎጋሪዝማዊው 67 ብር ጭማሪን 3.4 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጎን ለጎን ሰቀልናቸው፤ በእያንዳንዱ ሥር የልኬቱን ዓይነት በትልቁ ጽፈናል።