ለወላጆች በተላከው የክፍያና የፈተና ጊዜ ደብዳቤ ላይ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. የተላከልን ደብዳቤ ተስተካክሎ እንደገና እንዲጻፍልን ስለመጠየቅ

የ8ኛ ክፍል ሴት ልጄና የ4ኛ ክፍል ወንድ ልጄ በትምህርት ቤታችሁ ይማራሉ። ትልቋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው ናት፤ ማንበብም መጻፍም ያስተማሯት የእናንተ መምህራን ናቸው። ይህን ቅሬታ የምጽፈው ልጆቼን ላስወጣ ፈልጌ ሳይሆን እዚያው እንዲቀጥሉ ስለምፈልግ ነው።

ደብዳቤው በልጆቹ የመገናኛ ደብተር ውስጥ ታጥፎ የደረሰን ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። «ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ 25 በመቶ የክፍያ ማስተካከያ ተደርጓል፤ ክፍያው በሴሚስተር ይሆናል፤ የቁሳቁስ 1,500 ብር ለብቻው ይከፈላል» ይላል። ከታች ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ከጥር 18 ወደ ጥር 12 መምጣቱን፣ እስከ ጥር 8 ያልከፈለ ተማሪም ለፈተና እንደማይቀመጥ ይገልጻል። መጨረሻው «ያልተስማማ ወላጅ መሸኛ መውሰድ ይችላል» የሚል ነው። ያለው ይኸው ነው። ምክንያት የለውም፤ ጠቅላላ ድምር የለውም፤ ጥያቄ ያለው ወላጅ ማንን እንደሚያነጋግርም አይናገርም።

ደብዳቤውን ይዤ ማታ ሒሳቡን ስሠራ የደነገጥኩት በ25 በመቶው አይደለም። በነሐሴ ስናስመዘግብ በሰጣችሁን ወረቀት ላይ ወርሃዊ ክፍያው 3,200 ብር ነው። የአሥር ወሩ 32,000 ብር በአራት ተርም ተከፋፍሎ በየተርሙ 8,000 ብር እንከፍላለን። አዲሱ ወርሃዊ 4,000 ብር ሲሆን የአንድ ሴሚስተር 20,000 ይመጣል፤ ቁሳቁሱ ሲጨመርበት 21,500። ለዚሁ ሴሚስተር በነሐሴ የተስማማነው 16,000 ብር ነበር። በአንድ ልጅ 5,500 ብር ጨምሯል ማለት ነው፤ ይህም ከ34 በመቶ በላይ ነው። የወረቀት፣ የቀለምና የላብራቶሪ ወጪ እስከ ዛሬ በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ ስለነበረ አሁን ለብቻው ሲወጣ ጭማሪ ነው፤ በሌላ ስም ቢጠራም ከወላጅ ኪስ መውጣቱ አይቀርም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። በነሐሴው ወረቀት መሠረት የሦስተኛው ተርም ክፍያ የሚደርሰው የካቲት 10 ስለነበረ ለሁለቱ ልጆች 16,000 ብር ለዚያ ቀን እያዘጋጀሁ ነበር። አሁን የተጠየቅሁት እስከ ጥር 8 ድረስ 43,000 ብር ነው። የታኅሣሥ ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለበዓል ወጥቷል፤ የጥሩ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። የተሰጠን አሥራ አንድ ቀን ከሁለት ደመወዝ መካከል ስለወደቀ፣ ደመወዝተኛ ወላጅ ከመበደር በስተቀር ምንም አማራጭ የለውም።

ትምህርት ቤቱ ጭማሪ አያስፈልገውም አልልም። የሕንፃ ኪራይ መጨመሩን፣ ጥሩ መምህራን የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ቦታ እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ባለፈው ዓመት ልጄ የምትወደው የሒሳብ መምህር በዓመቱ አጋማሽ ለቅቋል። ጭማሪው መምህራንን ለማቆየት ከሆነ ይነገረን፣ እንሰማለን። ነገር ግን በከተማችን የግል ትምህርት ቤት ጭማሪ የሚነሣው ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን፣ ከወላጆች ጋር ውይይት ተደርጎበት ነው። በነሐሴ ለሙሉ ዓመት የተስማማንበትን ዋጋ በጥር መቀየር አግባብ አይደለም። የወላጆች ኮሚቴ አባላትንም ጠይቄ ነበር፤ እነሱም ደብዳቤውን ያዩት እንደኛው ከልጆቻቸው ቦርሳ አውጥተው ነው።

ስለ ፈተናው ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ጥር 12 የሚጀምረው ፈተና የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው፤ ያንን ሴሚስተር በሁለት ተርም ከፍለን ጨርሰናል፤ ደረሰኙ በእጄ ነው። ልጅ ለተማረውና ለተከፈለለት ሴሚስተር እንዳይፈተን የሚከለከለው ገና ላልተጀመረ ሴሚስተር ስላልተከፈለ ነው? ልጄ ደብዳቤውን አንብባ «እኔም አልፈተንም እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። በክፍያ ጉዳይ መነጋገር ያለብን ወላጆችና ትምህርት ቤቱ ነን፤ ልጆቹ በመካከል መግባት አልነበረባቸውም።

ቀኑም ቢሆን ታስቦበት የተመረጠ አይመስለኝም። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው። በሠፈራችን የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ስለሆነ መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ ይዘጋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን የሆኑ ልጆችም ሦስቱን ቀን ከታቦቱ ጋር ናቸው። በዚያ ላይ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልተጀመረም። ሊሸፈን የታሰበው ፈተና ሊሆን በነበረው ሳምንት ዋዜማ ነበር፤ አሁን ያ ሳምንት ራሱ የፈተና ሳምንት ሆኗል። በሰኔ ከተማ አቀፍ ፈተና ለሚጠብቃት ልጅ የተዘለለ ምዕራፍ ቀላል ነገር አይደለም። መሸኛ ይውሰድ የሚለውም ቃል እንደ እሷ ላሉት አማራጭ ሊባል አይችልም፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪን በዓመት አጋማሽ የሚቀበል ትምህርት ቤት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ፈተናውና ክፍያው ይለያዩ። የዚህ ዓመት ክፍያ በነሐሴው ወረቀት ይቀጥል፤ ጭማሪው ለ2019 ዓ.ም. በስብሰባ ይቅረብ። ፈተናው ወደ ጥር 18 ይመለስ፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ ከጥር 12 ይለፍና ያልተሸፈነው ምዕራፍ ከፈተናው ይውጣ። ደብዳቤውም እንደገና ይጻፍ። በመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ማዘጋጀት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ሊረዳችሁ ይችል እንደሆነ በሚል የሚከተለውን አዘጋጅቻለሁ፤

«ውድ ወላጆች፣ ታኅሣሥ 27 የላክነውን ደብዳቤ በዚህ ተክተናል። የዚህ ዓመት ክፍያ አይለወጥም። ለ2019 የትምህርት ዘመን ወርሃዊው ክፍያ ከ3,200 ወደ 4,000 ብር እንዲያድግ፣ የቁሳቁስ 1,500 ብር በየሴሚስተሩ እንዲጨመር ሐሳብ አለን። ይህ ከጸደቀ የአንድ ልጅ የዓመት ክፍያ ከ32,000 ወደ 43,000 ብር ይሆናል። ለምን እንዳስፈለገ ወጪያችንን በዝርዝር ይዘን በስብሰባ እናስረዳለን፤ አስተያየታችሁን ሰምተን እንወስናለን። የሴሚስተሩ ፈተና ቀደም ሲል በተነገራችሁ ቀን፣ ጥር 18 ይጀምራል። ማንም ተማሪ በክፍያ ምክንያት ከፈተና አይቀርም። ክፍያ የከበደው ወላጅ የሒሳብ ክፍሉን በግል ቢያነጋግር በከፊል የሚከፍልበትን መንገድ እናመቻቻለን።»

ቃላቱን እንደፈለጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። የምጠይቀው ከብሩ መጠን ጋር ምክንያቱና ዓመታዊ ድምሩ አብሮ እንዲጻፍ፣ ቀኑ ቁርጥ ብሎ እንዲታወቅ ነው።

የመክፈያው ቀን ከመድረሱ በፊት ቤተሰባችን የሚወስነውን እንዲያውቅ መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ጥር 6 እጠብቃለሁ። ከሥራ ስወጣ በየቀኑ ከ11 ሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት እመጣለሁ፤ በአካል ልታነጋግሩኝ ከፈለጋችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር

የ4ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጅ
ፊርማ

ግልባጭ፦ ለወላጆች ኮሚቴ