ስለዚያ ቀረፋህ

ወዳጄ፣

ድምፄን ካጠፋሁብህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰበብ አልደረድርም፤ ዛሬ ነገ ስል ነገሩ ራሱ እያሳፈረኝ ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ እፍረቱ ሌላ ሰበብ ሆነ። መልእክትህን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ጉበትህ ላይ ስብ እንዳለና ኤንዛይምህ ከፍ እንዳለ ከነገርከኝ በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርገህ «ለስኳሬ ብዬ ጠዋት አንድ ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ በሙቅ ውሃ እጠጣለሁ፣ አራት ወር ሆነኝ» ብለሃል። እኔን ያስደነገጠኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ለመሆኑ ለሐኪምህ ነግረኸዋል? እንደማውቅህ ከሆነ አልነገርከውም።

ቀረፋ ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ከተለያዩ ዛፎች የሚላጥ ቅርፊት ነው። ለአንተ ጉዳይ ሁለት ወገን አድርገህ ያዘው። አንደኛው የሲሎን ቀረፋ ነው፣ የስሪላንካው። ሌላው ካሲያ ይባላል፤ የቻይናው፣ የኢንዶኔዥያውና የቬትናሙ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ርካሹ ካሲያ ነው፣ ዕቃው ላይ «ቀረፋ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ካሲያ ነው ብለህ ብትገምት ብዙ አትሳሳትም።

ልዩነታቸው ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። በአማካይ ሲታሰብ አንድ ግራም የካሲያ ዱቄት ውስጥ 3 ሚሊግራም ገደማ ይኖራል፤ አማካይ ስለሆነ ግን አትመነው፣ የቻይናው ከ1 ሚሊግራም በታች ሆኖ ሲገኝ የቬትናሙ 7 የደረሰበት ጊዜ አለ። ሲሎኑ ውስጥ ያለው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከ0.1 ሚሊግራም በታች ነው ብንል እንኳ አብዝተንለታል።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስቀመጠው ገደብ አለ፣ በ2008ም እንደገና አይቶት አልቀየረውም። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው ችግር አያመጣም የተባለው መጠን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊግራም ኩማሪን ነው። አንተ 70 ኪሎ ነህ፤ ከጨመርክ አልሰማሁም። ስለዚህ ያንተ ጣሪያ በቀን 7 ሚሊግራም ነው።

አሁን ማንኪያህን እንቁጠር። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የቀረፋ ዱቄት 2.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኔ በትንሿ ሚዛን ሞከርኩት፤ ልሙጡ እንደተባለው ነው፣ ክምር አድርጌ ስዘግነው ግን 4 ግራም አለፈ፣ አንተ ደግሞ ስትዘግን እጅህ ሰፊ ነው። ለጊዜው ልሙጥ ነው ብለን እንለፈው። ሁለት ማንኪያ 5 ግራም ነው። ካሲያ ከሆነ በአማካዩ 15 ሚሊግራም ኩማሪን ማለት ነው፣ ከጣሪያህ እጥፍ በላይ። የቬትናሙ ከሆነና 7 ከያዘ 35 ሚሊግራም፣ አምስት እጥፍ። ሲሎን ከሆነ ግማሽ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ማንኪያው ያው፣ ብርጭቆው ያው።

አንድ ቀን ሁለት ቀን ከጣሪያው ማለፍ አያሳስብም። ያው ባለሥልጣን የገደቡን ሦስት እጥፍ ለአንድ ሁለት ሳምንት መውሰድ ስጋት እንደማይሆን ተናግሯል። ያንተ ግን አራት ወር ነው፣ በየቀኑ፣ ያውም ጉበትህ ቀድሞ ጤነኛ ሳይሆን። ውሃው ያቀጥነዋል እንዳትለኝ ደግሞ። እንጨቱን ዘፍዝፈህ አጥልለህ ብትጠጣ ኩማሪኑ የሚወጣው በከፊል ነው፤ አንተ ግን ዱቄቱን በጥብጠህ ከነአተላው ነው የምትጨልጠው።

ሁሉም ሰው እኩል አይጎዳም። አብዛኛው ሰው ጉበት ኩማሪንን ወደማይጎዳ ነገር ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን በአነስተኛ መጠንም ቢሆን የጉበት ኤንዛይማቸው ከፍ ይላል፤ ይህ የታወቀው ኩማሪን ለእብጠት መድኃኒትነት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ማን ከጥቂቶቹ እንደሆነ ቀድሞ የሚለይበት ቀላል መንገድ የለም። ክፋቱ መጀመሪያ ምንም አያሳምምም፣ የሚታየው ደም ምርመራው ላይ ብቻ ነው። ደግነቱ ሲያቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። (በነገራችን ላይ ኩማሪን ደም አያቀጥንም። ሰው ዋርፋሪን ከሚባለው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ያምታታዋል፣ እሱ ዝምድና ያለው ግን ሌላ ነገር ነው።)

እኔ አንተን ብሆን ይህን ነው የማደርገው። ቀረፋውን ዛሬ አቆማለሁ፣ ሲሎንም ቢሆን። ሲሎኑ ይጎዳኛል ብዬ ሳይሆን፣ ቀጣዩ ምርመራ ሲመጣ ቁጥሩ ስለምን እንደተቀየረ ጥርት ብሎ እንዲታየኝ ነው። ለሐኪሙ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ወር ብዬ እነግረዋለሁ፣ የምርመራውን ቀን እሱ ይወስን። ኤንዛይሙ ከወረደ ቀረፋው እጁ እንዳለበት ጥሩ ፍንጭ ነው። ካልወረደ ስቡ ወይም ሌላ ነገር ነው፣ ፍለጋው ይቀጥላል። የስኳር መድኃኒትህን ግን እንዳትነካ! ቀረፋ ስኳር ያወርዳል የሚለው ጥናት አንዱ አዎ ሌላው የለም የሚል ነው፣ መድኃኒት የሚተካ ነገር የለውም። ዓይንህ ቢጫ ካለ፣ ሽንትህ ከጠቆረ ወይም ሰውነትህን ካሳከከህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያኑ ቀን ሂድ።

ለጉበት ሕመምተኛ ተብሎ ለብቻ የተቀመጠ የቀረፋ ልክ የለም። ስለዚህ ኋላ ሐኪምህ ከፈቀደልህና ጣዕሙ ከናፈቀህ፣ ሲሎን ግዛና በቀን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አትለፍ። ካሲያን በየቀኑ የሚለውን እርሳው፤ አልፎ አልፎ ዳቦ ላይ ብትቆነጥር ግን ማንም አይሞትም። እንክብሉንም ተጠንቀቅ። 500 ሚሊግራም የሚለውን አራት ስትውጥ 2 ግራም ዱቄት ገባ ማለት ነው፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ ደግሞ ብዙዎቹ አይጽፉም።

ዱቄቱን በዓይን መለየት አትችልም፣ እኔም አልችልም። እንጨቱን ግን ትለየዋለህ። ካሲያ ወፍራምና ደረቅ ነው፣ አንድ ንጣፍ ብቻ ሆኖ ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፣ በእጅ ለመስበር ያታግላል። ሲሎን እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ንጣፎች ተደራርበው የተጠቀለሉ ናቸው፣ ጫፉን ስታየው ሲጋር ይመስላል፣ በጣትህ ጫን ስትለው ይፈረፈራል። ሽታውም ለስለስ ይላል፤ ካሲያ አፍንጫ ይወጋል።

የገዛህበት ዕቃ ካለ ጀርባውን አንብበው። ከሌለ ሻጩን ያልተፈጨውን አሳየኝ በለውና ጫፉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የደም ምርመራውንም ወረቀት ጨምርበት፣ የድሮውንም የአሁኑንም። በዚያው ደውልልኝ፣ ቁጥሬ አልተቀየረም።