እናትየው የት ነው የምትኖረው? ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የምጽፍልዎት በልደት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ስላለች አንዲት ሣጥን ነው። "የእናት መደበኛ የመኖሪያ አድራሻ" ስለምትለው። ስለ ወረፋውና ስለ ሲስተም መቆራረጡ ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እሱን ለእነሱ ልተወው። እኔ ከእናንተ በሚመጣው ሠንጠረዥ ዕቅድ የማወጣ ሰው ነኝ። ስንት የክትባት ዶዝ ይምጣ፣ ስንት አዋላጅ ይቀጠር፣ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ስንት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ይጠበቃል የሚለውን የምናሰላው ከዚያ ነው። ችግሩ ሠንጠረዡ የሚነግረን ልጆቹ የት እንደተመዘገቡ መሆኑ ነው። የት እንደሚያድጉ አይነግረንም።

ቅጹ ሲሞላ የሚሆነውን እርስዎም ያውቁታል። እናትየው ከሆስፒታል ወጥታ ሕፃኑን ታቅፋ መጥታለች። መዝጋቢው "አድራሻ?" ይላታል። እሷም ሰሞኑን ያረፈችበትን የዘመድ ቤት ትነግረዋለች። አልዋሸችም፤ አሁን ያለችው እዚያ ነው። ወይም ደግሞ መዝጋቢው ጭራሽ ሳይጠይቅ የራሱን ጽሕፈት ቤት ወረዳ ይጽፋል። ይሄኛው በቀላሉ ይለያል። የአንድ ቀን ቅጾችን ደርድረው ቢያዩ፣ የመኖሪያ ሣጥኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መልስ ይዟል። ትልቅ ሆስፒታል ባለበት ወረዳ፣ ከየቦታው ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ እናቶች በሙሉ የአንድ ሰፈር ሰዎች ሊሆኑ አይችሉም።

ጉዳቱ በቁጥር እንዲታይ አንድ ወረዳ በምሳሌነት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ወረዳው 40,000 ሕዝብ አለው። በዓመት ከ1,000 ሰው 30 ልደት ይጠበቃል ብንል፣ 1,200 ሕፃናት ይወለዳሉ ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ "900 ልደት መዝግበናል" ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ከሚጠበቀው 75 በመቶ ነው፤ በስብሰባ ላይ ያስመሰግናል።

አሁን መዝገቡን እንግለጠው። ከ900ዎቹ ውስጥ 280ዎቹ ዘንድሮ የተወለዱ አይደሉም። ትምህርት ቤት የልደት ሰርተፍኬት አምጡ ስላላቸው ዘግይተው የተመዘገቡ ልጆች ናቸው። መመዝገባቸው ትልቅ ነገር ነው፣ መብታቸውም ነው። ግን የዘንድሮ ሕፃናት አይደሉም። 620 ቀረን። ከእነዚህ የ140ዎቹ እናቶች ሌላ ወረዳ ይኖራሉ፤ ለመውለድ ብቻ ነው የመጡት። 480 ቀረን። በተቃራኒው የዚህ ወረዳ ነዋሪ የሆኑ 240 እናቶች ሌላ ከተማ ወልደው እዚያው አስመዝግበዋል። እነሱን ስንመልሳቸው የወረዳው የዘንድሮ ልጆች 720 ይሆናሉ። ሽፋኑም 75 ሳይሆን 60 በመቶ ነው።

"ብዙም አልተራራቀም" የሚል ይኖራል። የተቀራረበው ስህተቶቹ እርስ በርስ ስለተካካሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የማዋለጃ ክፍሉ ለእድሳት ቢዘጋ፣ ወይም ትምህርት ቤቶች ሰርተፍኬት መጠየቃቸውን ቢተዉ፣ 900 የነበረው ባንድ ጊዜ ወደ 600 ገደማ ሊወርድ ይችላል። እኛም ቁጭ ብለን "የወሊድ መጠን ቀነሰ" ብለን እንጽፋለን። የቀነሰ ነገር ግን የለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሆስፒታል የሌለው ጎረቤት ወረዳ ነው። እናቶቹ ወደ ከተማ ሄደው ይወልዳሉ፣ እዚያው ያስመዘግባሉ። የወረዳቸው ሠንጠረዥ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ያየ ኃላፊ ሕዝቡ ማስመዝገብ አልለመደም ብሎ ይደመድምና የግንዛቤ ዘመቻ ይልካል። እናቶቹ ግን አስመዝግበዋል! የጎደለው ልደቱ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት መረጃውን ወደ መኖሪያ ወረዳቸው አለማድረሱ ነው። ክትባቱም በዚያው ሠንጠረዥ ከተመደበ፣ ሆስፒታል ባለበት ወረዳ ዶዝ ተርፎ ጊዜው ያልፋል፤ እዚህ ደግሞ እናቶች ቀጠሯቸውን አክብረው መጥተው "አልቋል" ይባላሉ።

አንድ ነገር ግን ላስታውስ። ልደቱ የተከሰተበት ቦታ አይመዝገብ እያልኩ አይደለም። ለማዋለጃ ክፍል አልጋና ለአዋላጅ ምደባ የሚያስፈልገን እሱ ነው፤ ልጁ የትም ይደግ፣ እናቱ የተኛችው እዚያ አልጋ ላይ ነውና። ለክትባት፣ ለትምህርት ቤትና ለውኃ ግን መኖሪያው ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱም ይመዝገቡ፣ ግን አይደበላለቁ። የተባበሩት መንግሥታት የወሳኝ ኩነት ስታቲስቲክስ መመሪያም ልደት በእናት፣ ሞት በሟች መደበኛ መኖሪያ እንዲጠናቀር ይመክራል። ስለዚህ አዲስ ነገር ፍጠሩልን እያልኩዎት አይደለም።

ወደ ሞት ምዝገባ ልሂድ። መኖሪያ እዚህ ላይ ሲሳሳት ሆስፒታሉ ያለበት ሰፈር የአገሩ ሁሉ ሰው የሚሞትበት ይመስላል። የሟች መኖሪያ በትክክል ሲጻፍ ምን እንደሚቻል ግን ከድሮ ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲነሣ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው የብሮድ ስትሪትን የውኃ ፓምፕ ጠርጥሮ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። በዚያ ሳምንት በአካባቢው በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር ወሰደ። ከዚያ በአድራሻቸው ሄዶ ሲያጣራ፣ አብዛኞቹ የሚኖሩት በዚያው ፓምፕ ዙሪያ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፓምፑን ነው። እኔ የሚገርመኝ መዝጋቢው ነው። አድራሻውን በትክክል ባይጽፍ ኖሮ ስኖው የሚነሣበት ነገር አይኖረውም ነበር።

መኖሪያን ብናስተካክል እንኳ የማይፈታ ሌላ ክፍተት አለ። ተወልደው በቀናት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በሁለቱም መዝገብ ላይ የሉም። ቤተሰብ ሐዘን ላይ ነው፤ ለሞተ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ፍለጋ የሚወጣ የለም። መመዝገብ ያለባቸው ግን በልደትም በሞትም ነው። በዓለም ደረጃ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱ ሕፃናት ግማሽ የሚጠጉት የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ መዝገብዎ ላይ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች ሞት እየታየ ከአንድ ወር በታች ያሉት ከሌሉ፣ ሕፃናቱ ተርፈው ሳይሆን ሳይቆጠሩ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ይህንን ቤተሰቡን በመውቀስ ማስተካከል አይቻልም። ጤና ተቋሙ ልደቱንም ሞቱንም በቀጥታ ለመዝጋቢው ማሳወቅ አለበት። ቤት ውስጥ ለሚወለዱት ደግሞ ቤት ለቤት የሚሄደው የጤና ሠራተኛ ያሳውቅ። አዋላጅ ይጨመር፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይከፈት ብለን ስንከራከር የሚያሸንፈን ይሄ ባዶ ቦታ ነው። "ሞት የለም እኮ" ይሉናል።

በጋብቻ ላይ ብዙ አልልም። የተጋቢዎች ዕድሜ በቃል ከተሞላ የሚታይ ምልክት አለው። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 በሆነበት ቦታ፣ የሙሽሮች ዕድሜ ልክ 18 ላይ ክምር ካለና 19 ላይ ድንገት ከሳሳ፣ አንዳንዶቹ ገና 16 ወይም 17 ዓመታቸው ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይሄ ለወጣት እናቶች አገልግሎት ለሚያቅድ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። መፍትሔውም መልሶ ወደ ልደት መዝገቡ ይወስደናል። ዕድሜ በልደት ምዝገባ ቁጥር ሲረጋገጥ ክምሩ ይናዳል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አዲስ ሲስተም ይገዛ አልልም። ቅጹ ላይ ሁለት አድራሻ ይለይ፤ አንዱ ልደቱ ወይም ሞቱ የደረሰበት፣ ሌላው መደበኛ መኖሪያ። መዝጋቢው "አድራሻ?" በማለት ፋንታ "ዓመቱን አብዛኛውን የምትኖሪው የት ነው? ልጁን ይዘሽ የምትመለሺውስ?" ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም በወረዳ ኮድ ይሙላ፤ አንድ ወረዳ በአምስት ዓይነት ፊደል ሲጻፍ ኮምፒውተሩ አምስት ወረዳ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ወደ እኛ የሚላከው ሠንጠረዥ ደግሞ በመኖሪያና ልደቱ በደረሰበት ዓመት ይደራጅ። ዘግይተው የተመዘገቡት በራሳቸው ዓምድ ይቀመጡ። የማንንም ስም አንፈልግም። የግለሰቡ መዝገብ እናንተ ዘንድ በምሥጢር ይቆይ፣ ለዕቅድ ቁጥሩ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ስሌታችን ፍጹም አይሆንም። "የሚጠበቀው 1,200" የሚመጣው ከሕዝብ ቆጠራ ትንበያ ነው። ቆጠራው ካረጀ ትንበያውም ይንሸራተታል። ምዝገባው ከተስተካከለ ግን ትንበያውን የምናርመው በእሱ ይሆናል፤ ዛሬ የምንሠራው ግን ተገላቢጦሹን ነው።

ለመነሻ አንድ ነገር ብቻ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። ትልቅ ሆስፒታል ካለበት አንድ ወረዳ ያለፈው ሩብ ዓመት የልደት ቅጾች ይውጡ። ከእናንተ አንድ ባለሙያ፣ ከእኛ አንድ፣ ከሆስፒታሉ የካርድ ክፍል አንድ ሰው ይቀመጡ። ስሙን የሚያየው ቀድሞም የማየት ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ይሁን። ቅጹ ላይ ያለው መኖሪያና እናትየው ካርድ ስታወጣ የሰጠችው አድራሻ ጎን ለጎን ይነበቡ። ስንቱ እንደማይገጥም ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት ሠንጠረዥ በምን መልክ እንደምናዘጋጅ አብረን እንወስናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በወረዳ ዕቅድ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ