ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን አይወርስም፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የውርስ ጉዳይ ይዤ ፍርድ ቤት የምመላለስ ጠበቃ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ሚስት ወይም ባል ከሕጋዊ ወራሾች ጋር እንድትቆጠር፣ እንዲቆጠር ሕጉ ይሻሻል።

ብዙ ሰው ይህ ጥያቄ ግራ ይገባዋል። «ሚስት ትወርስ የለም እንዴ?» ይላል። አትወርስም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾችን በደረጃ ከፍሎ ያስቀምጣል። አንደኛ የሟች ልጆች ናቸው። እኩል እኩል ይካፈላሉ። ወንድ ሴት፣ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የመጣ ብሎ ልዩነት የለም። ከሟች በፊት የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይኬዳል፤ እናትና አባት። ከእነሱ ቀጥሎ አያቶች፣ ከዚያ ቅድመ አያቶች፣ በእያንዳንዱ ደረጃም የሞተው ካለ ተወላጆቹ ይተካሉ። አንድም ዘመድ ከጠፋ ሀብቱ ለመንግሥት ነው። በዚህ ሁሉ መሰላል ላይ ባልና ሚስት የሉም። ሕጉ እንደተጻፈ ከሆነ፣ በዓይኗ አይታው የማታውቅ የአያት ወገን ዘመድ ትወርሳለች፤ ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሚስት አትወርስም።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ጉዳይ ላሳይዎ። ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ቁጥሩንም ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼዋለሁ።

ባልየው ከማግባቱ በፊት ሠርቶ የጨረሰው ቤት ነበረው። ካርታው በስሙ ነው። ከዚያ አገባ። ልጅ አልወለዱም። አብረው ሲኖሩ በባንክ 600,000 ብር አጠራቀሙ። አንድ ቀን ታሞ ሞተ፤ ኑዛዜ የለም። የቤቱ ግምት 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። እናቱ በሕይወት አለች። አባቱ ሞቷል። አባትየው ሟችን ጨምሮ ከእናቲቱ ሁለት ወንዶች ወልዶ ነበር፤ ከሌላ ሴት ደግሞ አንዲት ልጅ አለችው።

መጀመሪያ የሚደረገው ውርሱን ከትዳሩ ሀብት መለየት ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን የነበራቸው ሀብት የግላቸው ሆኖ ይቀራል። በትዳር ውስጥ የተገኘው የጋራ ነው፤ ሲከፋፈልም እኩል ነው። ስለዚህ ከ600,000 ብሩ ግማሹ፣ 300,000 ብር፣ የሚስትየው ነው። ይህን ግን ወርሳ አይደለም ያገኘችው፤ ቀድሞውንም የራሷ ነበር። ቤቱ የሟች የግል ሀብት ስለሆነ እንዳለ ወደ ውርሱ ይገባል። የቀብር ወጪና ዕዳ የለም ብለን ብናስብ ውርሱ 6,300,000 ብር ሆነ።

ከዚህ ውስጥ ግማሹ፣ 3,150,000 ብር፣ የእናትየዋ ነው። የአባት ግማሽ በአባት ተተኪዎች ይወሰዳል። ወንድምየው 1,575,000፣ የአባት ልጅ የሆነችው እህት 1,575,000። እናትየዋ ሞታ ቢሆን ኖሮ የእሷ ግማሽ ለወንድምየው ብቻ ይሄድ ነበር፤ እህትየዋ ከእናት ወገን አይደለችማ። እስከዚህ ድረስ ሕጉ በጥንቃቄ ያስባል። የአባት ልጅ፣ የእናት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉንም አስታውሷል።

የሚስትየው ድርሻ ስንት ነው? ዜሮ።

ከዚያ የሚመጣውን ደግሞ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስቱ ወራሾች የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ሚስት አመልክታ የምታገኘው የሚስትነት ማስረጃ ነው፤ በወራሽነት አትመዘገብም። ወራሾቹ ካርታውን ወደ ስማቸው ያዛውራሉ። ቤቱ ለሦስት የማይከፈል ከሆነና ካልተስማሙ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ጉዳዩ አፈጻጸም ከደረሰ በሐራጅ ነው። ገና ሀዘን ላይ ያለች ሴት «ቤቱን ልቀቂ» የሚል ክስ ይደርሳታል። «በዚህ ቤት ውስጥ እኔም ለፍቻለሁ» ብትል፣ ማስረጃ አምጪ ትባላለች። በትዳሩ ጊዜ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶ ወይም ዋናው ቤት ታድሶ ከሆነ የዚያን ግምት ግማሽ መጠየቅ ትችላለች። ግን የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ አሥር ዓመት ያስቀመጠ ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ያለው የግንበኛው ምስክርነት ብቻ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ክቡር ሚኒስትር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ይቺ ሴት ባሏን ፈትታው ቢሆን ኖሮ የምታገኘው ስንት ነበር? ያው 300,000 ብር ነው። አስታምማ የቀበረችው ሚስትና የተፋታችው ሚስት በሀብት ረገድ እኩል ናቸው። ትዳርን በሞት ያጣ ሰው ተጨማሪ ምንም የለውም። ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ ደጋግመው ያስደግሙኛል፤ ሰማሁ ብለው ማመን ያቅታቸዋል።

ደግሞ መንግሥታችን በሌላ በኩል ይህን ዝምድና ያውቀዋል። የጡረታ ሕጎቻችን ለሟች ሚስት ወይም ባል ሟች ያገኝ ከነበረው ጡረታ ግማሹን ይሰጣሉ። ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ደግሞ ሚስት ድርሻ አላት። ባሏ ልጅ ከሌለው አንድ አራተኛ፣ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች። በዚያ መንገድ ብትሄድ ከላይ ያለችው ሴት ከ6,300,000 ብሩ 1,575,000 ብር ይደርሳት ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ሀዘን፤ አንዷ አራተኛውን ትወስዳለች፣ አንዷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች።

«ኑዛዜ ይጻፋ!» የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። እውነት ነው፣ መጻፍ ይቻላል። ልጅ የሌለው ሰው ሀብቱን ሁሉ ለሚስቱ ሊናዘዝ ይችላል። ግን ኑዛዜ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው። ሞትን መጥራት ይመስለዋል፤ ወጣት ደግሞ ጭራሽ አያስበውም። የጻፈውም ቢሆን አይድንም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡም በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት። «በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነቧል» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጥፋቷ ፈራሽ የተባሉ ኑዛዜዎች ይዤ ተከራክሬያለሁ፣ ተረትቻለሁም። ኑዛዜ ሲፈርስ ደግሞ ሀብቱ ተመልሶ የሚሄደው ወደዚያው መሰላል ነው፤ ሚስት ወደሌለችበት። ኑዛዜ በሌለበት የሚሠራው ሕግ ሟች ቢጠየቅ ኖሮ ይመልስ የነበረውን መልስ መምሰል አለበት። ስንት ባል ነው «ቤቴን ለወንድሜ፣ ሚስቴ ግን ትውጣ» የሚለው?

ሕጉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ንቄው አይደለም። ሀብት ከዘር እንዳይወጣ ተብሎ ነው። ለዚህም ነው ከአባት ወገን በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ቤት በባለቤትነት ወደ እናት ወገን ወራሾች እንዳያልፍ አንቀጽ 849 የሚከለክለው። ሚስት ብትወርስና ሌላ ብታገባ የአባት ቤት ባዕድ ይገባበታል የሚል ፍርሃት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በእሳቸው አገርም በዚያ ዘመን የሚስት የውርስ መብት ደካማ ነበር። ፈረንሳይ ግን በ2001 እ.ኤ.አ. ሕጓን ለወጠች። ዛሬ እዚያ የሟች ልጆች ሁሉ ከተራፊው ተጋቢ የተወለዱ ከሆነ፣ ተጋቢው ከውርሱ አንድ አራተኛውን በባለቤትነት ወይም የሁሉንም አላባ፣ ማለትም ባለቤት ሳይሆን በንብረቱ የመጠቀም መብትን፣ መርጦ ይወስዳል። ጎረቤታችን ኬንያም የሟች ሚስት ወይም ባል ከልጆች ጋር ስትቀር፣ የቤት ዕቃውን እንድትወስድና በቀረው ሀብት በሕይወት እስካለች እንድትጠቀም በሕጓ ደንግጋለች። እኛ በ1952 ዓ.ም. በተጻፈው ላይ ቆመናል።

የዘር ፍርሃቱን የሚመልሰው መሣሪያ ደግሞ በእጃችን አለ። አላባ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያውቀዋል። አላባ ያላት ሚስት ቤቱ ውስጥ ትኖራለች፣ አንድ ክፍል አከራይታ ትጠቀማለች፤ መሸጥ ግን አትችልም። ስትሞት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ሟች ወራሾች ይመለሳል። እናትየዋ፣ ወንድምየውና እህትየዋ ባለቤትነታቸውን አያጡም፤ ይጠብቃሉ እንጂ።

የሌላ ሚስት ልጆች ጉዳይ ግን ከባድ ነው፤ አልሸፍነውም። አባታቸው በስተርጅና ወጣት ሚስት አግብቶ ቢሞት ልጆቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊጠብቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሟች ከሌላ የወለዳቸው ልጆች ካሉ፣ አላባውን በዓመት መገደብ ወይም በገንዘብ እንዲለወጥ ለፍርድ ቤት ሥልጣን መስጠት ይቻላል።

ሐሳቤ ይህ ነው። የመኖሪያ ቤቱ የሟች የግል ሀብት ቢሆንም ተራፊው ተጋቢ የአላባ መብት ይኑረው። ከዚህ በላይ፣ ልጆች ካሉ ከውርሱ እንደ አንድ ልጅ ድርሻ ያግኝ። ልጆች ከሌሉ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለእናትና አባት ወይም ለተተኪዎቻቸው ይሁን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የቤቱን እመርጣለሁ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ የማየው ለቅሶ ከገንዘቡ ይልቅ ስለ ቤቱ ነውና።

የውርስ ሕጉ የሚሻሻለው በፌዴራል ነው ወይስ በክልል የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። የቤተሰብ ሕግ ክልሎች በየራሳቸው አውጥተዋል፤ የፌዴራሉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ረቂቁ ከእነዚህ ሁለት ከተሞች ሊጀምር ይችላል። ሚኒስቴሩ የውርስ ክፍሉን የሚመለከት ረቂቅ እያዘጋጀ ከሆነ ለሕዝብ ውይይት ያቅርበው። ካልሆነም መቼ እንደሚጀምር በይፋ ያሳውቀን። ጠበቆች ውሳኔዎቻችንን፣ የፈረሱ ኑዛዜዎችንና የአፈጻጸም መዝገቦችን ይዘን ለመምጣት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የውርስ ጉዳይ ጠበቃ፣ አዲስ አበባ