ፈቃድ ከመሰረዙ በፊት ማስጠንቀቂያው ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የማዘጋጃ ቤት የሕግ ባለሙያ ስለ ንግድ ፈቃድ ስረዛ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ማስታወሻ ሲጽፍ በቅድሚያ ለነጋዴው የተላከውን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ማንበብ አለበት። ጥፋቱ እውነት ሆኖ ሳለ ስረዛው በይግባኝ የሚሻረው በዚህ ወረቀት ጉድለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ይደፋል እንበል። ማስጠንቀቂያው «ደንብ በተደጋጋሚ በመተላለፍዎ» ብቻ ካለ ባለቤቱ የቱን ቀን፣ የቱን ድርጊት ያስተባብል? ተቆጣጣሪው ያየበት ቀንና ቦታ፣ የተጣሰው አንቀጽ፣ ሊወሰድ የታሰበው እርምጃና የመልስ መስጫው ቀን ይጻፍ፤ የቁጥጥር ሪፖርቱና ፎቶው ግልባጭ አብሮ ይያያዝ። ማስጠንቀቂያው ለባለቤቱ የደረሰበት ቀን በፊርማ ካልተረጋገጠ ደግሞ የመልስ ጊዜው መቼ እንደጀመረ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ችግር በውሳኔው ላይ ይመጣል። ማስጠንቀቂያው ስለ ዘይት ተናግሮ ውሳኔው «ግብርም አልከፈለም» ብሎ ከጨመረ፣ ባለቤቱ ባልተጠየቀበት ጉዳይ ተቀጣ ማለት ነው። አዲስ ምክንያት ከተገኘ አዲስ ማስጠንቀቂያ ይውጣ። ሪፖርቱን የጻፈው ተቆጣጣሪም ምስክር እንጂ ወሳኝ ሆኖ መቀመጥ የለበትም፤ ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ነጥብ ነው።

ዘይቱ ለሕዝብ ጤና አፋጣኝ አደጋ ከሆነና ሕጉ ከፈቀደ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ አግዶ ባለቤቱን ወዲያው ይስማ። ቆሻሻው ተጠርጎ የዘይት ማጠራቀሚያ በርሜል ከተተከለ ግን እገዳው የሚነሳበት መንገድ በእገዳ ደብዳቤው ላይ አስቀድሞ ይገለጽ።

አንድ የሕግ ባለሙያ